ሰላምታው ላይ የወጡት እንግዶች

ቅዳሜ ረፋድ ነበር። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገና በሩን ሳላንኳኳ የእንጀራ ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። የቤቱ እመቤት ሃምሳዎቹን ያገባደዱ እናት ናቸው። ወጥ ቤታቸውን በስልክ ካሜራ እየቀረጹ ዩቲዩብ ላይ ምግብ አሠራር ማስተማር ከጀመሩ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ካሜራ የምትይዘውም ኤዲት የምታደርገውም የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ስማቸውም የቻናላቸውም ስም እንዲጻፍ አልፈለጉም። ግራፋቸውን ግን ያለ ስስት ዘርግተው አሳይተውኛል፤ ይህ ጽሑፍም የተሠራው በዚያ ግራፍ ነው።

እኔ መተዳደሪያዬ ስክሪፕት ማረም ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠሩኝ ሰዎች ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ሰው ይከፍተዋል፣ ግን አይቆይም። እኚህ እናትም ያሉኝ ይህንኑ ነው።

«ልጄ፣ ሦስት ሺህ ሰው ከፍቶታል ይሉኛል» አሉኝ ቡናውን እየቀዱ። «ግን አራት ደቂቃ አይተው ይሄዳሉ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ምን ብዬ ይሆን ያስቀየምኳቸው?»

ቪዲዮው የ12 ደቂቃ ነው፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገር እንጀራ ለምን ዓይን እንደማያወጣ ያስተምራል። አማካይ የቆይታ ጊዜው 4 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ፣ ማለትም 35 በመቶ ገደማ ነበር። እናትና ልጅ አራተኛውን ደቂቃ ደጋግመው አይተውታል። እጃቸው ሊጡን እያሸ ነው፤ የሚያስቀይም ነገር የለም። ያላዩት አማካይ ቁጥር ማንም የወጣበትን ሰዓት እንደማይናገር ነው። ግማሹ ሰው መጀመሪያ ላይ ቢወጣና ሌላው እስከ መጨረሻው ቢቆይ አማካዩ መሐል ላይ ያርፋል፤ መሐል ላይ ግን አንድም ሰው አልወጣም። የወጡበትን የሚያሳየው ግራፉ ብቻ ነው።

ልጅቷ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አምጥታ YouTube Studio ከፈተች። ከቪዲዮው ሥር Analytics ውስጥ ስትገባ Key moments for audience retention የሚል ርዕስ ያለው መስመር ወጣ። አግድሙ የቪዲዮው ሰዓት ነው፤ ቁመቱ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ቪዲዮው ስንት በመቶ ያህል እንደታየ ይናገራል። ይህ ግራፍ ቪዲዮው በተለቀቀ ማግስት የተሟላ አይደለም፤ መረጃው እስኪሰበሰብ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ወይም መቶ ጊዜ እንኳ ያልታየ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ወሳኝ የተባሉት ቅጽበቶች ተለይተው አይወጡም።

«ይኸው፣ እንደ ተራራ ቁልቁለት ነው» አለች ልጅቷ።

እናትዮዋ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ዳገቱስ የት አለ?»

ጥያቄው ከመሰለው በላይ ጥልቅ ነው። የሰው ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ መስመሩ መውረድ እንጂ መውጣት አይችልም ነበር፤ የወጣ ሰው ወጥቷልና። ግን ግራፉ የሚቆጥረው ቅጽበቷ የታየችበትን ጊዜ ነው። አንድ ሰው ወደ ኋላ መልሶ ያንኑ ቦታ ደግሞ ቢያይ ሁለት ይቆጠራል። ዘልሎ ቢያልፍ ደግሞ ያቺ ቦታ ትጎድላለች፤ ሰውየው ግን ከቪዲዮው አልወጣም። ስለዚህ ቁልቁለት ሁሉ መውጣት አይደለም። ወርዶ የቀረ መስመር ሰው እንደሄደ ይነግራል። ወርዶ ተመልሶ የወጣ ጎድጓዳ ሰው እንደዘለለ ይነግራል። ጉብታ ደግሞ ሰው እንደደገመ ወይም ከሌላ ቦታ ዘልሎ እዚያ እንዳረፈ። የሦስቱ መድኃኒት ለየቅል ነው፤ አንዱን ከሌላው አሳስቶ ስክሪፕት የሚያርም ሰው ደህናውን ቆርጦ የታመመውን ይተወዋል።

ወረቀት ጠየቅኋቸውና ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፤ በመጀመሪያው ሰዓት፣ በሁለተኛው እናትዮዋ በዚያ ሰዓት ያሉት ዓረፍተ ነገር፣ በሦስተኛው በመቶው። ልጅቷ ቪዲዮውን እያስኬደች ንግግሩን ቃል በቃል ጻፈች። እኔ ደግሞ በመስመሩ ላይ ጠቋሚውን በየ10 ሰከንዱ እያሳረፍኩ ቁጥሩን ሞላሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደብን። አሰልቺ ነው፤ ግን ያለዚህ ወረቀት ግራፉ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ሰው የሚወጣው ከዓረፍተ ነገር ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ደግሞ ግራፉ ላይ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ አንድ ገደብ መናገር አለብኝ። ዩቲዩብ ይህን መረጃ ለፕሮግራም ሠሪዎች ሲሰጥ ቪዲዮው የቱንም ያህል ይርዘም በ100 ነጥብ ከፍሎ ነው። የ12 ደቂቃ ቪዲዮ ከሆነ አንዱ ነጥብ 7 ሰከንድ አካባቢ ይሸፍናል። «በዚህች ቃል ላይ ወጡ» የሚል ሰው መስመሩ የማያውቀውን እየተናገረ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ማግኘት ይቻላል፤ ቃሉን ማግኘት አይቻልም። በዚያ ላይ ሰው ሲሰለች ወዲያው አይወጣም፤ ጥቂት ሰከንድ ይታገሳል፣ ከዚያ ጣቱን ያነሳል። ስለዚህ መስመሩ የወደቀበትን ቦታ ካገኘሁ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ወደ ኋላ ተመልሼ የተባለውን አነባለሁ። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

ወረቀቱ ሲሞላ የመጀመሪያው ገጽ ራሱ ብዙ ተናገረ። ቪዲዮው ሲጀምር 12 ሰከንድ የቻናሉ ምልክት ከሙዚቃ ጋር ይታያል። እሱ ሲያልቅ 79 በመቶ ቀርቷል። ከዚያ እናትዮዋ ይመጣሉ፦ «ሰላም ሰላም ውድ ቤተሰቦቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት ትንሽ አሞኝ ስለነበር ቪዲዮ ሳልለቅላችሁ ቀርቻለሁ…» ሠላሳኛው ሰከንድ ላይ 58 በመቶ። ቀጥሎ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏን ተጫኑ፣ ለወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉ። አንድ ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ 44 በመቶ። ከከፈቱት 3,000 ውስጥ 1,260ው በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ሄደዋል፤ እስከዚያ ድረስ እንጀራ የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አልተጠራም።

እናትዮዋ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ በቀስታ «ሰው ቤት ገብቼ ሰላም ሳልል ሥራ ልጀምር?» አሉኝ። «እኔ እንደዚያ አላደግኩም።»

ትክክል ናቸው፤ እኔም እንደዚያ አላደግኩም። ሰላምታ የሚያሳጥር ሰው እኛ ዘንድ የተቆጣ ሰው ነው። የጤንነት፣ የቤት፣ የልጆች ጥያቄ ሳይዳረስ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። ስለዚህ ግራፉን ተቀብዬ ሰላምታውን ቁረጡ ማለት አልፈለግሁም። መጀመሪያ የወጣው ማን እንደሆነ እንይ አልኳቸው።

ዩቲዩብ ይህንኑ መስመር ሰብስክራይብ ላደረጉና ላላደረጉ ለየብቻ ከፍሎ ያሳያል። ልጅቷ ከፈለችው። ሠላሳኛው ሰከንድ ላይ ሰብስክራይብ ካደረጉት 71 በመቶው አሉ፤ ካላደረጉት ግን 49 በመቶው ብቻ። ቤተሰብ የተባለው ቤተሰብ ነውና ተቀምጦ ሰላምታውን ይሰማል፤ ያሟቸው እንደነበር ሲሰማ ያዝናል፣ እግዜር ይማርዎ ብሎ ኮሜንት ይጽፋል። የሄደው እንግዳው ነው። ሪያድ ወይም ዴንቨር ሆኖ፣ ሊጡ ቦክቶ፣ ምጣዱ ግሎ፣ ለምን ዓይን አላወጣም ብሎ ፈልጎ የመጣ ሰው። ለእሱ «ቤተሰቦቼ» ሲባል የተጠራው ሌላ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ የሌሎችን ጨዋታ ይሰማል።

«እንግዲያው እንግዳውን ነው ያላስተናገድኩት» አሉ እትዬ። ከዚህ በኋላ ስለ ሰላምታ አልተከራከርንም።

የመክፈቻው ሌላ ጉድለት ከቋንቋችን አሠራር ጋር የተያያዘ ነው፤ በአማርኛ ስክሪፕት ላይ ደጋግሜ ስለማየው ትንሽ ልቆይበት። ወደ ጉዳዩ የገቡት 52ኛው ሰከንድ ላይ በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዛሬ ብዙዎቻችሁ በኮሜንት ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን፣ በተለይ በአረብ አገርና በአሜሪካ ያላችሁ እህቶቼ በኤሌክትሪክ ምጣድ ስትጋግሩ የሚያስቸግራችሁን፣ እንጀራ ዓይን የማያወጣበትን ምክንያትና መፍትሔውን ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።» ሲጻፍ ምንም አይወጣለትም። ሲሰማ ግን 17 ሰከንድ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አድማጩ «የጠየቃችሁኝን» ሲሰማ ምኑን እንደሆነ አያውቅም፤ «የሚያስቸግራችሁን» ሲሰማም አያውቅም። «እንጀራ» የሚለው ቃል የመጣው 1 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ላይ ነው፤ «ቀርቤያለሁ» እስኪባል ድረስ ሰሚው ሁሉንም ነገር በእጁ ይዞ መቆም አለበት። አንባቢ ዓይኑን መልሶ ያነብባል። አድማጭ ጣቱን ያነሳል።

መድኃኒቱ ሐረጉን ቆርጦ እያንዳንዱን ግስ ቶሎ ማምጣት ነው። በወረቀቱ ጀርባ አብረን ጻፍነው፦ «ይህ እንጀራ ዓይን የለውም። ሊጡ ቦክቷል። ምጣዱም ግሏል። የጎደለው አብሲት ነው። እንዴት እንደሚጣል አሳያችኋለሁ።» አምስት ዓረፍተ ነገር፣ አምስት ግስ፣ 10 ሰከንድ። ከቃሉ ጋር በእጃቸው ልሙጥ የሆነውን እንጀራ ወደ ካሜራው ያነሳሉ። ርዕሱን አይቶ የገባ ሰው ርዕሱ ላይ የተጻፈውን ነገር በመጀመሪያዋ ሰከንድ ያየዋል።

ከ1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ እስከ 5 ደቂቃ ከ10 መስመሩ ከ44 ወደ 38 በጣም በቀስታ ወርዷል። ይህ ጤነኛ ነው፤ ሊጡ ሲታሽ የቆየው ሰው ሊማር የቆየ ነው። ግራፉ የቻናሉን 10 የቅርብ ጊዜና ተቀራራቢ ርዝመት ያላቸውን ቪዲዮዎች ልማድ Typical ብሎ በግራጫ ያሳያል፤ በዚህ ስፍራ የእትዬ መስመር ከግራጫው በላይ ነበር። እዚያ ምንም አልነካንም።

5 ደቂቃ ከ10 ላይ ግን መስመሩ ደረጃ እንደወረደ እግር ዘጭ አለ። በ30 ሰከንድ ከ38 ወደ 30 ወረደ፤ ተመልሶም አልወጣም። ስለዚህ መዝለል አይደለም፣ መሄድ ነው። 8 ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ ግን መለካት ያለበት በዚያች ሰዓት ከነበሩት አንጻር ነው። ከ38ቱ 8 ሲሄዱ ከአምስቱ አንዱ ሄደ ማለት ነው። ለአምስት ደቂቃ የታገሠ ሰው በአንዴ ከአምስት አንዱ ሲነሳ የተባለ ነገር አለ።

7 ሰከንድ ወደ ኋላ ተመልሰን ወረቀቱን አነበብን። «ይኸው ነው፤ ሊጣችን እንግዲህ ተሸፍኖ ሦስት ቀን ይቆያል። በቃ።» እትዬ ይህን ብለው እጃቸውን በፎጣ ጠርገው ከካሜራው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ልጅቷ ቀድማ ገባት። «እማ፣ ያለቀ መስሏቸው ነው!»

«ይኸው ነው» እና «በቃ» በእኛ አነጋገር መነሻ ቃላት ናቸው። እንግዳ እነዚህን ሲሰማ ጋቢውን ያስተካክላል። «እንግዲህ»፣ «በመጨረሻም»፣ «እንግዲያውስ» ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ተናጋሪው ሳያስበው ያፈልቃቸዋል፣ ሰሚው ግን መለያየት እንደቀረበ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። እትዬ ሊጡን እንጂ ትምህርቱን አልዘጉም ነበር፤ ዋናው ነገር፣ አብሲቱ፣ ገና ከአንድ ደቂቃ በኋላ ነው። መስመሩ የመሰከረው ይዘቱ መጥፎ ስለመሆኑ ሳይሆን ስንብት ስለመምሰሉ ነው። ስለዚህ ያወጣነው ሁለቱን ቃላትና ፎጣውን ብቻ ነው። በምትካቸው ሊጡ ከመሸፈኑ በፊት የሦስተኛው ቀን ሊጥ ምስል ይገባል፤ ላዩ ላይ ውሃ ያጠለለ። ድምፁም «ከሦስት ቀን በኋላ እንዲህ ይሆናል። ላዩ ላይ ያለውን ውሃ አያችሁት? እሱን መጀመሪያ እናጠልለዋለን» ይላል። የቆየው ሰው ቀጣዩን ነገር በዓይኑ አይቶ ነው ክዳኑ የሚገጠመው።

ጉብታው 6 ደቂቃ ከ20 ላይ ነበር፤ ከ30 ወደ 36 ይነሳል። እናትና ልጅ ይህን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ሰው የወደደው ቦታ መስሏቸው። እኔ ግን ኮሜንቶቹን እንድናነብ ጠየቅኋቸው፤ ጉብታ ብቻውን መውደድን ከግራ መጋባት አይለይምና። «እትዬ፣ ለአብሲቱ ስንት ስኒ ውሃ ነው ያሉት?» «ሊጡ ስንት ነው የተቀነሰው?» «እጅዎ ከለለብኝ።» ሰዎቹ የደገሙት ስላልሰሙ ነው። እትዬ ከቦካው ሊጥ ቀንሰው በፈላ ውሃ ላይ ሲያማስሉት መጠኑን የተናገሩት አንድ ጊዜ፣ ያውም ማማሰያው ድስቱን እየመታ ነው። ሦስቴ ወደ ኋላ የመለሰ ሰው ታግሦ ነው፤ ያልታገሠው ሄዷል፣ ጉብታው ግን የእሱን አይቆጥርም። መጠኑን ከማማሰሉ በፊት፣ እጅ ከድስቱ ሲርቅ፣ ሁለት ጊዜ እንዲሉና በጽሑፍም እንዲወጣ ወሰንን።

8ኛው ደቂቃ ላይ ያለው ጎድጓዳ ቀላል ነበር። መስመሩ ከ30 ወደ 24 ወርዶ 9ኛው ደቂቃ ላይ ወደ 29 ይመለሳል። እዚያ አምስት እንጀራ ተራ በተራ ይጋገራል። ሁለተኛውን ያየ ሰው ስክሪኑን ሁለቴ እየነካ ዘልሏል፣ ግን ውጤቱን ለማየት ተመልሷል። ሁለት እንጀራ ይበቃል።

ልጅቷን ከሁሉ ያስጨነቃት መጨረሻው ነው። 11 ደቂቃ ከ5 ላይ «በመጨረሻም» ሲባል መስመሩ ከ26 ወደ 12 ይወድቃል፤ 420 ያህል። «ከሁሉ የከፋው ይሄ አይደል? ከነበሩት ከግማሽ በላይ እኮ ነው» አለችኝ። በመቶው ሲታይ እውነቷን ነው። ግን ምን ቀረባቸው? 55 ሰከንድ ስንብት። 420ውም ስንብቱን ሁሉ ቢያዩ የሚጨመረው 385 ደቂቃ ነው። በ«በቃ» የሄዱት 240ዎቹ ግን ከፊታቸው ከ6 ደቂቃ በላይ ትምህርት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ቢቆዩ 1,520 ደቂቃ ይሆናል። በእርግጥ ሁሉም አይቆዩም፤ ቢሆንም ከየትኛው ጥገና መጀመር እንዳለበት ለመወሰን ይህ ስሌት ይበቃል። የወጡትን ቁጥር ከፊታቸው በቀረው ጊዜ ማባዛት ነው።

በዚህ ስሌት መክፈቻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ግን 1,260ውን ሁሉ መመለስ አይቻልም። ከመካከላቸው በስህተት የነካው አለ፣ ልጁ አልቅሶበት የተነሳ አለ፣ ሌላ ነገር ፈልጎ የመጣ አለ። ማንኛውም ቪዲዮ ላይ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ይወርዳል። መታረም ያለበት ከራስ ልማድ በታች የወረደው ነው። ከሌላ ሰው ቻናል ጋር ማወዳደርም አይጠቅምም፤ የሦስት ደቂቃ ሽሮና የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ተመልካቻቸው አንድ አይደለም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ይህ ቪዲዮ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አማካይ ቆይታው 46 በመቶ ነበር፤ በሦስት ሳምንት ወደ 35 ወረደ። እትዬ ቪዲዮው «እየተበላሸ» ነው ብለው አጥፍተው እንደገና ሊጭኑት አስበው ነበር። ቪዲዮው አልተለወጠም፣ ሰዉ ነው የተለወጠው። መጀመሪያ ያዩት ቤተሰቦቹ ናቸው፤ በኋላ ዩቲዩብ ለማያውቋቸው ሰዎች ማሳየት ሲጀምር እንግዳ በዛ። ቁጥሩ ሲወርድ ስክሪፕቱን ከመውቀስ በፊት የተመልካቹን ዓይነት ማየት ያስፈልጋል። ዩቲዩብ ከ2012 ጀምሮ ቪዲዮ ሲመርጥ ከጠቅታ ብዛት ይልቅ ሰው ለቆየበት ጊዜ ክብደት መስጠቱ እውነት ነው፤ ሰዎች ይህን ሰምተው ነው በእያንዳንዷ ነጥብ የሚደነግጡት። ግን እንግዳ መምጣቱ ራሱ በጎ ምልክት ነው።

ቀጣዩን ቪዲዮ በተጻፈው መሠረት ቀረጹት። ጤፍ ከሌላ ዱቄት ጋር ለሚቀላቅሉ ውጭ አገር ላሉ ሰዎች የተሠራ እንጀራ ነው፤ 11 ደቂቃ። የቻናሉ ምልክት ወጣ፣ አምስቱ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ገቡ። ሠላሳኛው ሰከንድ ላይ 69 በመቶ፤ በፊት 58 ነበር። የስንብት ቃላቱ ስለወጡ የአምስተኛው ደቂቃ ደረጃ ጠፋ። ጉብታውም ጠፋ። ልጅቷ የጉብታው መጥፋት ከፍቷት ደወለችልኝ፤ እኔ ግን ኮሜንቱን አይታ እንደሆነ ጠየቅኋት። መጠኑን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰው አንዴ ሰምቶ አልፏል፤ የፈለግነውም ይህንኑ ነው።

ያልጠበቅነው ግን መጣ፤ ስህተቱም የእኔ ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መስመሩ 37 ላይ ነበር፤ በድሮው ቪዲዮ በዚያው ሰዓት 41 አካባቢ ነበር። በመግቢያው ብዙ ሰው አስቀርተን በጉዞው የበለጠ አጥተናል። አወዳደቁም ደረጃ አልነበረውም፤ ቀስ ያለ ረጅም ቁልቁለት ነው። የደረጃ ጥፋት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ይገኛል፤ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ግን ምክንያቱ አንድ ቦታ የለም፣ ከመጀመሪያው የተገባው ቃል ላይ ነው። «የጎደለው አብሲት ነው» ብለን በ7 ሰከንድ መልሱን ጨርሰን ሰጠን። የሰማው ሰው ጥያቄው ተመለሰለት፤ የቀረው ማሳያ ብቻ ሆነበት። በዚያ ላይ ለሁሉም እውነት አልነበረም። የአንዱ ሊጥ በደንብ አልቦካም፣ የሌላው ምጣድ አልጋለም፤ አብሲት ጥሎም ዓይን ያላወጣለት ሰው «ይሄ የእኔ አይደለም» ብሎ ሄዷል።

መልሱን መደበቅ ደግሞ አልወድም፤ ሰውን እያጓጉ ማስቀመጥ ሌላ ዓይነት አለማስተናገድ ነው። እትዬ ራሳቸው መፍትሔውን አገኙት። «እኔኮ ልጆቼን ሳስተምር አብሲት ነው አልላቸውም» አሉ። «ሊጡን እዪው ነው የምላቸው። ሊጡ ራሱ ይነግርሻል።» ከዚያ የሦስተኛው ቪዲዮ መክፈቻ ተጻፈ፦ «ይህ እንጀራ ዓይን የለውም። ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፤ ሊጡ አልቦካም፣ አብሲት ጎድሎታል፣ ወይም ምጣዱ አልጋለም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሊጡን አይተን እንለያለን።» ሦስቱም መልስ ገና ከጅምሩ ተሰጥቷል፤ የራሱን ለመለየት ግን አብሮ ማየት አለበት።

የዚያን ዕለት ቀረጻ ላይ ነበርኩ። እትዬ ልሙጥ እንጀራ አንስተው መክፈቻውን ተናገሩ፤ ሊጡን አዙረው አፈሰሱ፤ ዓይኑ ብቅ ብቅ ሲል አክንባሎውን ገጠሙ። እንፋሎቱ እስኪጨርስ ምንም የሚሠራ ነገር የለም። ሁለተኛው ስክሪፕት ላይ ይህቺ ቦታ «ሙዚቃ» ተብላ ነበር። እትዬ እጃቸውን አክንባሎው ላይ እንዳሳረፉ ወደ ካሜራው ዞሩ። «እስኪበስል ድረስ፣ እንደምን ሰነበታችሁ ቤተሰቦቼ። አዲስ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ሊጣችሁን ይዛችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፣ አብረን እናየዋለን።» ልጅቷ ካሜራውን ሳታወርድ ወደ እኔ አየች። ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም።

ማክሰኞ ማታ የግራፉን ምስል ላከችልኝ። ሰላምታው ከ41ኛው እስከ 52ኛው ሰከንድ ነው፤ መስመሩ በዚያ ስፍራ እንደ ጠረጴዛ ተኝቷል፣ የእንግዶቹም መስመር እንዲሁ። ከሥሩ እትዬ ያስጻፏት መልእክት ነበረች፦ 7 ደቂቃ ከ10 ላይ ትንሽ ደረጃ አለች፣ ወደ ኋላ ተመልሰን አነበብነው፣ «እንግዲህ» ብያለሁ።